ወኪሉ አዲስ አበባ፣ ገዢው ደሴ፦ የቴሌቪዥን ዋስትና ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

ይህ መመሪያ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሱቆች ቴሌቪዥን ለሚገዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ገዢዎች ካርቶኑ ላይ «የሁለት ዓመት ዋስትና» የሚል ጽሑፍ አይተው ይከፍላሉ፤ ዕቃው በሰባተኛው ወር ሲጨልም ግን ካርዱን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ ያጣሉ። ስህተቱ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። ገዢው «ዋስትናው ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቅ የነበረበት ግን «ሲበላሽ ማን ይቀበለኛል፣ የት፣ በማን የትራንስፖርት ወጪ፣ በስንት ቀን?» ብሎ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያስገኙ ናቸው።

ቴሌቪዥንን የመረጥኩት ለርቀት በጣም የማይመች ዕቃ ስለሆነ ነው። ስልክ በኪስ ተይዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። 43 ኢንች ስክሪን ግን ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለበት፤ መመለሻም አለው።

## ከመነሣትዎ በፊት

ለማጣራቱ ሥራ ሁለት ቀን ይመድቡ፤ በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ይዘው አይሂዱ። ገንዘብ በኪሱ ያለ ሰው ሻጩ «መጨረሻዋ ናት» ሲለው መጠየቁን ይተዋል። የሚያስፈልግዎት ካሜራ ያለው ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ቪዲዮ የተጫነበት ፍላሽ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሞዴል በላይ አያወዳድሩ፤ እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ የስልክ ጥሪና የራሱ የጥገና ቤት ጥየቃ አለው።

## ደረጃ 1፦ ዋስትናው የማን እንደሆነ ይለዩ

«ዋስትና አለው» የሚለው ንግግር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው የአምራቹ ዋስትና ነው። ይህ ካርቶን ውስጥ በሚገኘው የአጠቃቀም መመሪያ ላይ ታትሞ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዕቃው እንዲሸጥበት በተላከበት አገር ብቻ ነው። መመሪያውን ገልጠው በአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ መኖሯን ይመልከቱ፤ ከሌለች ወረቀቱ ለእርስዎ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሁለተኛው ዕቃውን ወደ አገር ያስገባው ወኪል የሚሰጠው ዋስትና ነው፤ ይህ የአገር ውስጥ አድራሻና ስልክ ያለበት፣ የወኪሉ ማህተም የሚያርፍበት ካርድ አለው። ሦስተኛው ሱቁ ራሱ የሚሰጠው ነው፤ በካርዱ ላይ ከሱቁ ማህተም ሌላ የማንም ስም አይገኝም።

የሱቅ ዋስትናን መናቅ አይገባም። ፒያሳ ላይ ለብዙ ዓመታት በአንድ በር የሠራ፣ የራሱ ቴክኒሻን ያለው ነጋዴ «በአንድ ወር ውስጥ ችግር ካመጣ እለውጥልሃለሁ» ብሎ ከጻፈልዎ፣ በእኔ ግምት ስልክ ከማያነሣ የሩቅ ወኪል የሦስት ዓመት ተስፋ ይሻላል። ችግር የሚመጣው የሱቁ ዋስትና የወኪሉ መስሎ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ሲበላሽ ለእርስዎ ነው የማመጣው ወይስ አዲስ አበባ እልካለሁ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። «እኛው እናስልክልዎታለን» ካለ የማመላለሻው ወጪ የማን እንደሆነ ያስከትሉ። በዚህ ጥያቄ ላይ ሻጩ ከተቅበዘበዘ መልሱን አግኝተዋል።

## ደረጃ 2፦ ሦስቱን ቁጥሮች ያመሳክሩ

እያንዳንዱ ቴሌቪዥን የሞዴል ቁጥርና የራሱ ብቻ የሆነ መለያ ቁጥር አለው። መለያ ቁጥሩ በሦስት ቦታ ይገኛል፦ በካርቶኑ ጎን፣ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለው ተለጣፊና ዕቃው ሲበራ በስክሪኑ ላይ። በሳምሰንግ ስማርት ቴሌቪዥኖች `Settings` → `Support` → `About This TV` ውስጥ ይታያል። በአንድሮይድ በሚሠሩት ላይ ደግሞ `Settings` → `System` → `About` ውስጥ ይፈልጉ። ሦስቱንም ፎቶ አንሥተው ቁጥር በቁጥር ያስተያዩ።

የካርቶኑና የጀርባው ቁጥር ከተለያየ ዕቃው ከካርቶኑ ጋር አልመጣም ማለት ነው፤ ምናልባት ለማሳያ ቆሞ የነበረ ወይም ተመልሶ የመጣ ሊሆን ይችላል። የጀርባውና የስክሪኑ ቁጥር ከተለያየ ወይም ስክሪኑ ላይ ምንም ካልታየ ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ማለትም ሜንቦርዱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ሌላ ፍሬ እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ፤ «ያው ነው» የሚለውን መልስ አይቀበሉ።

ከዚያ በኋላ የሞዴል ቁጥሩን መነሻ ፊደላት ይመልከቱ። በሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች `UA` ብሎ የሚጀምረው ለእስያና ለአፍሪካ አካባቢ፣ `UE` ለአውሮፓ፣ `UN` ደግሞ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ነው። ኪውኤልኢዲ በሚባሉት ላይ ተመሳሳዩ ልዩነት በ`QA`፣ በ`QE` እና በ`QN` ይታወቃል። ከውጭ በሻንጣ የመጣ `UN` ወይም `QN` ዕቃ ካጋጠመዎት የኤሌክትሪክ ጽሑፉን ሳያነቡ ሶኬት ላይ አይሰኩት። በጀርባው `AC 110-120V` ብቻ ከተጻፈበት በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ እንዲህ ያለውን ቃጠሎ ደግሞ የትኛውም ዋስትና አይሸፍነውም። `100-240V` የሚል ከሆነ መስመሩ ችግር የለበትም፤ የአገር ውስጥ ወኪል ይቀበለዋል ማለት ግን አይደለም።

ስልክ ለሚገዙ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ ምርቶች ሲሆኑ የጥገና አገልግሎታቸው ካርልኬር ይባላል። `*#06#` ደውለው ያገኙትን ቁጥር በካርልኬር መተግበሪያ ላይ በማስገባት ዋስትናው መኖሩን ሱቁ ውስጥ ቆመው ማየት ይችላሉ። ለቴሌቪዥን ይህን የመሰለ አቋራጭ በአብዛኛው ስለማይገኝ ወደ ስልክ ጥሪው እንሄዳለን።

## ደረጃ 3፦ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ጥገና ማዕከሉ ይደውሉ

ከሁሉም ደረጃዎች የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በዋስትና ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ፎቶ አንሥተው ከሱቁ ይውጡና በራስዎ ስልክ ይደውሉ። ሻጩ ደውሎ «ያው፣ አነጋግራቸው» ብሎ የሚያቀብልዎትን ስልክ አይጠቀሙ፤ በሌላው ጫፍ ማን እንዳለ አያውቁም። በሥራ ቀን ጠዋት ይደውሉ። ሦስት ጊዜ ተደውሎ በሁለት ቀን ውስጥ ያልተነሣ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ በተበላሸበት ቀንም አይነሣም ብለው ይያዙት።

ስልኩ ሲነሣ የሱቁን ስም አስቀድመው አይናገሩ። የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይጠይቁ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ይመዝግቡ።

1. «ይህ መለያ ቁጥር ያለው ዕቃ በእናንተ በኩል የገባ ነው?» ቁጥሩን ያንብቡላቸው። መዝገብ ያለው ማዕከል አጣርቶ መልስ ይሰጣል። «ብራንዱ የእኛ ከሆነ ችግር የለም» የሚለው መልስ ግን መልስ አይደለም፤ ዕቃው ሲሄድ የሚጠየቀው መለያ ቁጥሩ ነውና።
2. «ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትቀበሉበት ቦታ አላችሁ? ከሌለ የት ድረስ ላምጣ?» የመሰብሰቢያ ቦታ አለን ካሉ አድራሻውን ተቀብለው በእግርዎ ሄደው ይዩት። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ አንደኛው ከተማ ውስጥ መኖሩ ለሁለቱም ነዋሪ ይበቃል።
3. «ዋስትናው ለፓነሉ፣ ለሜንቦርዱና ለባክላይቱ በየፊናው ስንት ወር ነው? የእጅ ዋጋስ ይጨምራል?» ፓነል ምስሉ የሚታይበት የስክሪኑ ሰሌዳ፣ ባክላይት ደግሞ ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። ብዙ ጊዜ ትልቁ የዓመት ቁጥር የሚመለከተው አንዱን ክፍል ብቻ ነው። በማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፈው የአሥር ዓመት ዋስትና ኮምፕሬሰሩን ብቻ የሚሸፍነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጋዙና የእጅ ዋጋው በገዢው ላይ ይወድቃሉ።
4. «የዚህ ሞዴል ሜንቦርድ አሁን መጋዘን ውስጥ አለ?» «ይታዘዛል» ካሉ ከታዘዘ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ይጠይቁ። መለዋወጫ ከውጭ የሚጠበቅ ከሆነ ዋስትናው በወረቀት ላይ ቢኖርም ቴሌቪዥኑ ለወራት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።
5. «በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የተበላሸን እንዴት ነው የምትለዩት?» ይህ ጥያቄ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ አካባቢ ግን ዋነኛው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣ ከፍተኛ ኃይል የተቃጠለ ቦርድ በአብዛኞቹ ካርዶች ላይ ከሽፋን ውጭ ነው። ማዕከሉ ስታቢላይዘር መጠቀምን እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚያይ ከሆነ ከወዲሁ ይወቁት።

በመጨረሻም የነገሩዎትን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ። ጥያቄውን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት መልሰው ይጻፉላቸውና «እንዲህ ነው የተነገረኝ፣ ትክክል ነው?» ይበሉ። «አዎ» የሚል አንድ መልእክት ከግማሽ ሰዓት ንግግር ይልቅ ይጠቅምዎታል።

መለያ ቁጥሩ ካልታወቀ፦ ማዕከሉ «ይህ ቁጥር የእኛ አይደለም» ካለ ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ በሌላ አስመጪ ወይም በሌላ መንገድ የገባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያለ ወኪል ዋስትና እንደሚገዙ ቆጥረው ዋጋውን በዚያው ልክ ይደራደሩ፤ ካልሆነ ይተዉት።

## ደረጃ 4፦ የከተማውን ቴሌቪዥን ሠሪዎች ይጠይቁ

ከሱቅ ይልቅ የጥገና ቤት መደርደሪያ እውነት ይናገራል። ሁለት ወይም ሦስት ጥገና ቤቶች ይግቡና ግድግዳው ሥር ተደግፈው የቆሙትን ቴሌቪዥኖች ይመልከቱ። አንድ ብራንድ በብዛት ስለታየ ብቻ መጥፎ ነው አይበሉ፤ ብዙ የሚሸጥ ብዙ ይበላሻል። ልብ ሊሉት የሚገባው ተፈተው የተቀመጡት ናቸው። ጀርባቸው ተከፍቶ፣ አቧራ ለብሰው፣ ለወራት የቆዩት መለዋወጫ ያጡ ናቸውና ስማቸውን ይጻፉ።

ቴክኒሻኑን «የትኛው ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁት፤ የሚያገኙት የግል ምርጫውን ነው። ይልቁንም የሞዴል ቁጥሩን አሳይተው «ለዚህ የባክላይት መስመር ታገኛለህ? ቦርዱንስ ከየት ታመጣለህ? ባለፈው ጊዜ ስንት ቀን ፈጀብህ?» ይበሉት። «ከአዲስ አበባ በመኪና በሁለት ቀን ይደርሳል» የሚልና ዋጋውን ከአፉ የሚነግርዎት ሰው ሠርቶት ያውቃል ማለት ነው። «እናየዋለን» የሚል ሠርቶት አያውቅም።

## ደረጃ 5፦ ዋስትናው በብር ስንት እንደሚያወጣ ያስሉ

እዚህ ላይ የራሴን ሒሳብ ልጥቀስ። የዛሬ ጥቂት ዓመታት ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝቼ በሰባተኛው ወር ድምፅ እየሰጠ ስክሪኑ ጨለመ። ማታ ክፍሉን አጨልሜ የስልኬን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግቼ በጎን ሳበራ የዜና አንባቢው ፊት እንደ ጥላ ይታይ ነበር። ይህ ምልክት ፓነሉ ደህና እንደሆነ፣ የሞተው ከኋላው ያለው ብርሃን ማለትም ባክላይቱ እንደሆነ ይናገራል። ትንንሾቹ አምፖሎች ተከታትለው በአንድ መስመር ስለሚያያዙ አንዱ ሲቃጠል መስመሩ ሁሉ ይጠፋል።

ዋስትና አለኝ ብዬ ላክሁት። የእንጨት ሣጥን 800 ብር፣ የጭነት መኪና መሄጃ 1,200 ብር፣ መመለሻ 1,200 ብር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ማዕከሉ ማድረሻና መመለሻ 2,000 ብር፤ በድምሩ 5,200 ብር። ዕቃውን የተቀበለው ሰው ካርዱን ገልብጦ አየና መልሶ ዘረጋልኝ። የሱቁ ማህተም ደምቆ ነበር፤ «መለያ ቁጥር» ከሚለው ፊት ያለው መስመር ግን ባዶ ነበር። ካርዱ የዚህ ዕቃ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም ተብሎ ተመለሰ። በመጨረሻም ደሴ ውስጥ በ3,500 ብር ተሠራ።

ካርዱ በትክክል ቢሞላ ኖሮስ? ያኔም 5,200 ብር አውጥቼ የ3,500 ብር ጥገና በነጻ አገኝ ነበር። ስለዚህ ለባክላይት ዓይነቱ ብልሽት የሩቅ ዋስትና ኪሳራ ነው። በዚያው ጊዜ ሜንቦርድ ለመቀየር የተነገረኝ 9,000 ብር ነበር፤ ለእሱ መላኩ ያዋጣል። ስክሪኑ ላይ በራሱ ጊዜ የቁመት መስመር ቢወጣ ወይም ግማሹ ቢጠፋ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ፓነሉ ነው፤ የፓነል ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ስለሚቀራረብ በዋስትና መላክ የግድ ይሆናል።

እርስዎም የዛሬውን ዋጋ ጠይቀው በሦስት መስመር ይጻፉት፦ የደርሶ መልስ ማመላለሻ ድምር፣ በከተማዎ የባክላይት ጥገና ዋጋ፣ በከተማዎ የሜንቦርድ ዋጋ። ማመላለሻው ከሜንቦርዱ ከበለጠ የዋስትናው ጥቅም ወደ ፓነሉ ብቻ ይጠባል። ያን ጊዜ «ፓነሉን ለስንት ወር ይሸፍናል?» የሚለው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይታያል፤ ሁለት ሞዴሎችም የሚወዳደሩት በዚህ መልስና በደረጃ 4 ባገኙት መለዋወጫ ነው።

## ደረጃ 6፦ ወረቀቱን ሱቁ ውስጥ ቆመው ያስሞሉ

ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ካርዱን ተቀብለው እያንዳንዱን መስመር ያስሞሉ። የሞዴል ቁጥር፣ ሙሉ መለያ ቁጥር፣ የገዢ ስም፣ የተሸጠበት ቀን፣ የሱቅና የወኪል ማህተም መኖር አለባቸው። ሻጩ «እርስዎ ቤት ገብተው ይሙሉት» ቢል እሺ አይበሉ፤ በሁለት ዓይነት እጅ የተጻፈ ካርድ ጥርጣሬ ያመጣል።

ስለ ቀኑ ይጠንቀቁ። ካርዱ ላይ «05/03/2017» ተብሎ ቢጻፍ እኛ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ብለን እናነበዋለን፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚሠራ ማዕከል ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የተገዛና ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ያ ቀን በእርግጥ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ተጽፎ ያስሞሉ።

ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። ደረሰኙ ላይ «ቲቪ 1 ፍሬ» ብቻ እንዳይጻፍ፣ ብራንዱና ሞዴሉ እንዲገቡ ይጠይቁ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚል ሻጭ የሚቀንሰው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ከእሱ ስለመግዛትዎ ያለዎትን ብቸኛ ማስረጃም ነው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጥቂት ወራት ይነጣል፤ በዚያው ቀን ፎቶ አንሥተው ኮፒም ያድርጉት።

ሱቁ በቃል የገባው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ «ማመላለሻውን እኛ እንችላለን» ካለ፣ በደረሰኙ ጀርባ ይጻፍና ይፈረምበት። ነጋዴው መጻፉን እምቢ ካለ ቃሉን ከሒሳብዎ ያውጡት፤ መቀየም አያስፈልግም።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹን 15 ቀናት ይጠቀሙባቸው

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም ዋጋውን እንዲመልስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለ የተሻለው ይጸናል። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው እዚሁ ከተማ ያለው ሻጭ ነው፤ አዲስ አበባ መሄድ የለም። ስለዚህ ዋናውን ፈተና በእነዚህ ቀናት ያካሂዱ።

ሱቁ ውስጥ አብርተው ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ምስል ያለበትን ቪዲዮ ከፍላሽዎ ያጫውቱና ነጠብጣብ ወይም ጥላ ይፈልጉ። ቤት ሲደርስ በቀን ለአምስትና ስድስት ሰዓት ያህል ያሠሩት። ሁሉንም የኤችዲኤምአይና የዩኤስቢ ቀዳዳዎች፣ ዋይፋዩንና ሪሞቱን ይሞክሩ። የዲሽ ሪሲቨሩን ገመድ ሁለቱም ዕቃዎች ጠፍተው ሳለ ይሰኩ፤ እየሠሩ ሳለ መሰካት ቀዳዳውን ሊያቃጥል ይችላል። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ። ካርቶኑንና ፎሙን አይጣሉ፤ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ አልጋ ሥር ያስቀምጧቸው።

ጉድለት ካገኙ በዚያኑ ቀን ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። «ሳምንት እናየው» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል።

## ከ15 ቀን በኋላ ቢበላሽ

መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፣ በሌላ ሶኬት ይሞክሩ። ካልሆነ ብልሽቱን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ፤ በቪዲዮው ውስጥ የጀርባው መለያ ቁጥርም ይታይ። በባትሪ ብርሃን ሙከራው ባክላይት መሆኑን ይለዩ። ጀርባውን ግን አያስከፍቱ፤ የብሎኑ ላይ ተለጣፊ ከተቀደደ ወኪሉ «ተነካክቷል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የሠፈር ቴክኒሻን «ቶሎ አየት ላድርገው» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ሆኖም በደረጃ 5 ሒሳብ እዚሁ ለማሠራት እስካልወሰኑ ድረስ አያስነኩት።

ለመላክ ከወሰኑ ቪዲዮውንና የካርዱን ፎቶ አስቀድመው ወደ ማዕከሉ ይላኩና «ላክ» የሚል የጽሑፍ መልስ ይጠብቁ። ያለዚህ መልስ አይጫኑት። በራሱ ፎምና ካርቶን ያሽጉት፤ በእንጨት ሣጥን ቢከበብ ይመረጣል። ቴሌቪዥን ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጓዝም፤ ተኝቶ ሌላ ጭነት ከተጫነበት በጣርማ በር መንገድ መንቀጥቀጥ ፓነሉ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፓነል ደግሞ ከዋስትና ውጭ ነው። ከመጫኑ በፊት በሾፌሩ ወይም በጭነት ሠራተኛው ፊት ስክሪኑ ያልተሰበረ መሆኑን ፎቶ ያንሡ፤ የጭነት ወረቀቱ ላይም «ቴሌቪዥን፣ ስክሪኑ ደህና» ተብሎ ይጻፍ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሲረከብ ማዕከሉ ፊት ካርቶኑን ይክፈት እንጂ መናኸሪያ ላይ አይክፈት።

ማዕከሉ «በኤሌክትሪክ ነው የተቃጠለው» ቢል፦ የተቃጠለውን ክፍል ፎቶና የምርመራ ወረቀት እንዲሰጡ ይጠይቁ። ፎቶውን ለሌላ ቴክኒሻን አሳይተው ይመርምሩ። ቃጠሎ ከኃይል ሰጪው ቦርድ መግቢያ ላይ ከሆነ ክርክሩ ለእርስዎ ከባድ ነው፤ የመግቢያው ክፍል ደህና ሆኖ ሌላ ቦታ ከሆነ የሚጠየቅ ነገር አለ።

ሱቁና ማዕከሉ እርስ በርስ ከላኩዎት፦ ሁለቱንም በአንድ የቴሌግራም መልእክት ያገናኙና ማን እንደሚቀበል በጽሑፍ እንዲስማሙ ይጠይቁ። ካልተስማሙ ደረሰኙን፣ የተሞላውን ካርድ፣ የመልእክቶቹን ፎቶና ያሳወቁበትን ቀን በአንድ ፋይል አድርገው ለከተማዎ የንግድ መሥሪያ ቤት አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ። አቤቱታው የሚቀርበው በሸጠልዎት ሱቅ ላይ ነው፤ ደረሰኙ የሱቁ ነውና።

ቴሌቪዥኑ ተሠርቶ ሲመለስ ከጭነት መኪናው ሳይርቁ ስክሪኑን ይፈትሹ፤ የተቀየረው ክፍል ስምና ለእሱ የተሰጠው አዲስ የዋስትና ጊዜ የተጻፈበትን የሥራ ወረቀት መያዙንም ያረጋግጡ። ቦርዱ ተቀይሮ ከሆነ በስክሪኑ ላይ የሚታየው መለያ ቁጥር ከጀርባው ጋር ላይገጥም ስለሚችል አዲሱን ቁጥር በካርዱ ላይ አስጽፈው ያስፈርሙበት።